ጥር 5 ቀን 1992 በፈረንጅ 13 ነው ወይስ 14?

«ተወልጄ ያደግኩት ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው። የልደት ሰርተፊኬቴ ላይ ጥር 5 ቀን 1992 ዓ.ም ይላል። ፓስፖርት ላወጣ ፈልጌ አንድ ቤት ሳስተረጉመው ጃንዋሪ 13 ቀን 2000 ብለው ጻፉልኝ። ስልኬ ላይ ያለው መቀየሪያ ግን 14 ይላል። የዩኒቨርሲቲ ወረቀቴ ላይ ደግሞ 05/05/1992 ተብሎ ነው ያለው። እናቴን ስጠይቃት የሸዋል ዒድ ዋዜማ፣ ጁምዓ ቀን መሆኑን ብቻ ነው የምታስታውሰው። ፎርሙ ላይ የትኛውን ልሙላ?»

እህቴ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 2000 ብለሽ ሙዪ። ስልክሽ ልክ ነው፣ እናትሽም ልክ ናቸው፤ የተሳሳተው ትርጉሙ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ነገ ማመልከቻ የሚቀበልሽ ሰው 13 ነው ብሎ ቢከራከርሽ ራስሽ በወረቀት ሠርተሽ እንድታሳዪው ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ ሰነድ ስተረጉም ዓመታት ቆጥሬአለሁ። ከልደት ቀን ስህተቶች ሁሉ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ይኸው ያንቺው የአንድ ቀን ልዩነት ነው። የሚመጣውም ሰዎች ሒሳብ ስለማይችሉ አይደለም። ሁሉም የሚያውቀው የመደመር ሕግ በየአራት ዓመቱ ለአምስት ወር ከምናምን ስለሚለወጥና ለውጡን ብዙ ሰው ስለማያስታውሰው ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው። በአዘቦቱ ዓመት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት በቀኑ ላይ 10 ይደመራል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ 9፣ በጥር 8፣ በየካቲት 7። ከመጋቢት በኋላ ደግሞ መጋቢት 9፣ ሚያዝያና ግንቦት 8፣ ሰኔና ሐምሌ 7፣ ነሐሴ 6፣ ጳጉሜን 5። ድምሩ የፈረንጁን ወር ካለፈ የወሩን ቀናት ቀንሰሽ ወደሚቀጥለው ወር ትሻገሪያለሽ። ዓመቱ ላይ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ 8 ትደምሪያለሽ። አስተርጓሚሽ የሠራው በዚህ ነው፦ 5 ሲደመር 8፣ 13። 1992 ሲደመር 8፣ 2000። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ዓመቱን ግን አልጠየቀውም።

1992 ዘመነ ዮሐንስ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው 1991 ዘመነ ሉቃስ ነበር፣ በሉቃስ ደግሞ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች። ያቺ ስድስተኛ ቀን ሴፕቴምበር 11 ቀን 1999ን ወሰደችው፤ እንቁጣጣሽም ወደ 12 ተገፋች። ፈረንጆቹ የእነሱን ትርፍ ቀን የሚጨምሩት ወዲያው ሳይሆን ወራት ቆይተው፣ ፌብሩዋሪ 29 ላይ ነው። እኛ ጨምረን እነሱ እስኪጨምሩ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ እያንዳንዱ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር አንድ ቀን ዘግይቶ ይውላል። ፌብሩዋሪ 29 የካቲት 21 ላይ ይውልና ነገሩ ይስተካከላል፤ የካቲት 22 በማንኛውም ዓመት ማርች 1 ነው። ስለዚህ በዘመነ ዮሐንስ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ለተወለደ ሰው ከላይ በነገርኩሽ ቁጥር ላይ አንድ ይጨመራል። ጥር ላይ 8 የነበረው 9 ይሆናል፤ 5 ሲደመር 9፣ 14። የዓመቱም መሻገሪያ አብሮ ይንቀሳቀሳል፦ በሌላው ዓመት ጃንዋሪ 1 ታኅሣሥ 23 ላይ ሲውል በዮሐንስ 22 ላይ ይውላል።

ዓመቱ ዮሐንስ መሆኑን ለማወቅ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ለአራት ማካፈል ይበቃል። 92 ለአራት ሲካፈል 23 ይደርሳል፣ ቀሪ የለውም፤ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ ነው። አንድ ከቀረ ማቴዎስ፣ ሁለት ከቀረ ማርቆስ፣ ሦስት ከቀረ ሉቃስ። በአንቺ ዕድሜ አካባቢ ያሉት የዮሐንስ ዓመታት 1984፣ 1988፣ 1992፣ 1996 እና 2000 ናቸው። በነዚህ ዓመታት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የተወለደ ጓደኛ ወይም ዘመድ ካለሽ ወረቀቱን እንዲያይ ንገሪው።

ይህን ነገር ከቤተ ክርስቲያን በዓላትም ማየት ይቻላል። አንቺ የምታከብሪውም ባይሆን ጎረቤትሽ ያውቀዋል። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ በአዘቦቱ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን 20 ላይ። በ2000 የዋለው በ20 ነው። ጥር 5 ደግሞ ከጥምቀት ስድስት ቀን ይቀድማል፤ ከ20 ስድስት ስትቀንሺ 14 ላይ ትደርሻለሽ። ገናም ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ሲከበር በዘመነ ዮሐንስ 28 የሚከበረው ከዚሁ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ቃል ልምጣ፤ እኔ ከሁሉም ወረቀት በላይ ትኩረት የሰጠሁት ለእሱ ነው። ቀን በሁለት አቆጣጠር ሁለት ስም ይኑረው እንጂ የሳምንቱ ቀን አንድ ነው። ጁምዓ በእኛም ጁምዓ፣ በፈረንጁም ጁምዓ፣ በሂጅራውም ጁምዓ ነው። ስለዚህ ቅየራ ልክ መሆኑን የምንፈትነው በሳምንቱ ቀን ነው። የስልክሽን የቀን መቁጠሪያ ወደ ኋላ እስከ ጃንዋሪ 2000 ብትመልሺው 13ኛው ሐሙስ፣ 14ኛው ዓርብ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ይህ ከፈረንጁ ወገን ነው። ከእኛ ወገን ጥር 5 ቀን 1992 ምን ቀን እንደነበረ ያለ ምንም መሣሪያ በባሕረ ሐሳብ ማውጣት ይቻላል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምረሽ ዓመተ ዓለሙን ታገኛለሽ፤ እሱን ለአራት አካፍለሽ የደረሰውን፣ መጠነ ራብዒት የሚባለውን፣ መልሰሽ ትደምሪበታለሽ፤ ከዚያ ለሰባት ታካፍያለሽ።

```
5500 + 1992 = 7492
7492 ÷ 4 = 1873 (ቀሪ 0)
7492 + 1873 = 9365
9365 ÷ 7 = 1337 (ቀሪ 6)
```

የመጨረሻው ቀሪ መስከረም 1 የዋለበትን ቀን ይነግርሻል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፣ ምንም ካልቀረ ሰኞ። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 1992 እሑድ ነበር። በሁለተኛው መስመር ላይ ለአራት ስናካፍል ቀሪ አለመኖሩን ልብ በይ፤ ዘመነ ዮሐንስነቱም እዚያው ወጣ። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ወር በተለወጠ ቁጥር የሳምንቱ ቀን በሁለት ይገፋል። ጥቅምት 1 ማክሰኞ፣ ኅዳር 1 ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 1 ቅዳሜ፣ ጥር 1 ሰኞ። ጥር 1 ሰኞ ከሆነ ጥር 5 ዓርብ ነው። ሰርተፊኬትሽ ዓርብ ይላል፣ ጃንዋሪ 14 ዓርብ ይላል፣ እናትሽ ጁምዓ ይላሉ። የተለየው ሐሙስ ላይ የወደቀው 13 ብቻ ነው።

የሸዋል ዒዱስ? እሱንም አየሁት። የ1420 ሂጅራ ረመዳን ያለቀው በጃንዋሪ 2000 መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሸዋል 1 ቅዳሜ ጃንዋሪ 8 አካባቢ ዋለ። በሐረር እንደምታውቂው ከዒድ ማግሥት ጀምሮ ስድስቱ ቀን ይጾምና ሸዋል ዒድ በስምንተኛው ቀን ይከበራል። ከቅዳሜ 8 ብንቆጥር ሸዋል 7 ዓርብ ጃንዋሪ 14 ይሆናል፤ ዋዜማው ማለት ነው። እናትሽ ይህን ሁሉ ዓመት ይዘው የቆዩት ቀን በትክክል እዚያ ላይ አረፈ። ሆኖም የሂጅራ ወር በጨረቃ መታየት ስለሚጀምር ከቦታ ቦታ አንድ ቀን ሊለያይ ይችላል፤ ቀኑም የሚለወጠው በመግሪብ ነው። ስለዚህ የሂጅራውን ለብቻው ማስረጃ አላደርገውም። 13ን ከ14 ለመለየት የረዳን «ጁምዓ» የሚለው ቃል ነው፤ «ሸዋል ዒድ» የሚለው ደግሞ ወሩና ዓመቱ ትክክል መሆናቸውን እንዳንጠራጠር አደረገን። ቤተሰቦቻቸው ልደትን በበዓል የሚያስታውሱ ሰዎች ወደ እኔ ሲመጡ መጀመሪያ የምጠይቃቸው «የሳምንቱ ቀን ምን ነበር?» ብዬ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እናትሽ «ሌሊት ነው የወለድኩሽ» ቢሉሽ፣ ሌሊት 7 ሰዓት በፈረንጅ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ያለፈ ስለሆነ ቀኑን ወደ 15 ላሻግረው ብለሽ አትነካኪው። የሚቀየረው ሰርተፊኬቱ ላይ የተጻፈው ቀን ነው። ሰዓት እያየን ቀን ማንሣትና መጣል ከጀመርን ከመዝገቡ ጋር የማይገናኝ አራተኛ ቀን ፈጠርን ማለት ነው።

05/05/1992 ግን ከ13ቱ የበለጠ ያሳስበኛል። ጸሐፊው የጻፈው ጥር 5ን ነው፤ ጥር አምስተኛ ወር ስለሆነ። ነገር ግን አቆጣጠሩን ከጎኑ አልጻፈም፣ ሜይም አምስተኛ ወር ነው። ኢትዮጵያዊ ያልሆነ ሰው ወይም ማሽን ሲያነበው ሜይ 5 ቀን 1992 ይለዋል፤ ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በላይ አሮጀሽ ማለት ነው። ሌላው ሰው ደግሞ ስምንት ዓመት ብቻ ደምሮ 05/05/2000 ያደርገዋል፤ ያኔ ከጥር ወደ ግንቦት አካባቢ ትሄጂያለሽ። የአንቺ ቀን በተለይ አደገኛ የሚሆነው ስህተቱን የሚያጋልጥ ነገር ስለሌለው ነው። ቀኑ 25 ቢሆን ኖሮ ወር አስቀድሞ የሚያነብ ፎርም «እንዲህ ያለ ወር የለም» ብሎ ይመልሰው ነበር። ጳጉሜን ላይ የተወለደ ሰው 13ኛ ወር ሲጽፍ ቀን አስቀድሞ የሚያነብ ማሽን እምቢ ይለዋል። 05/05 ግን ቢገለበጥም ያው ነው፤ ማሽኑ ዝም ብሎ ይቀበለዋል። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ዘንድ ሄደሽ የወሩ ስም በፊደል፣ ከጎኑም «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ተብሎ እንዲጻፍልሽ ጠይቂ። ከተቻለም የፈረንጁ ቀን አብሮ ይስፈር።

ፎርሙ ላይ የወሩን ስም ከዝርዝር የምትመርጪ ከሆነ የሚያሳስብ ነገር የለም። በቁጥር የሚጻፍ ከሆነ ግን ሣጥኑ ላይ ያለውን ምልክት እይ። DD/MM/YYYY የሚል ከሆነ 14/01/2000፣ MM/DD/YYYY የሚል ከሆነ 01/14/2000 ነው የምትጽፊው።

ስልክሽ ላይ ያለው መቀየሪያ በዚህኛው ልክ ሆኖ ተገኘ፤ ሁሉም ግን እንዲህ አይደሉም። እኔ አዲስ መቀየሪያ ሳገኝ የምፈትነው በሚሌኒየሙ ነው። መስከረም 1 ቀን 2000 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 እንደነበረ ያንን በዓል ያየ ሁሉ ያውቃል። መቀየሪያው ሴፕቴምበር 11 ካለኝ የዮሐንስን ዓመት አያውቅም ማለት ነው፤ እዘጋዋለሁ። ሁለተኛው ፈተና ጳጉሜን 6 ነው። በ2011 መቀበል አለበት፤ 2011 ሉቃስ ነውና። በ2010 ግን እንዲህ ያለ ቀን የለም ማለት አለበት። ሰነድ ላይም ጳጉሜን 6 የሚል ልደት ካየሽና ዓመቱ ሉቃስ ካልሆነ የተሳሳተው ቅየራው ሳይሆን መዝገቡ ራሱ ነው።

ይህን ያህል የማጠብቀው በእጄ ያበላሸሁት ስላለ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኳት አንዲት ሰንጠረዥ ነበረችኝ፤ የአዘቦት ዓመት ሰንጠረዥ። አንድ ወጣት ኅዳር 12 ቀን 1988 የሚል ሰርተፊኬት አመጣልኝ። ሰንጠረዡን አይቼ ኖቬምበር 21 ቀን 1995 ብዬ ጻፍኩለት፤ 88 ለአራት እንደሚካፈል ልብ አላልኩም። ትክክለኛው 22 ነበር። ልጁ በእኔ ትርጉም አንድ ወረቀት አወጣ፣ ሌላው ወረቀቱ ደግሞ በሌላ እጅ በትክክል ተቀየረ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያቀርብ «አንተ የትኛው ነህ?» ተባለ። ትርጉሙን በነፃ አስተካክዬ ከደብዳቤ ጋር ሰጠሁት፤ የጠፋበትን ጊዜ ግን ልመልስለት አልቻልኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰንጠረዡ ሁለት ዓምድ አለው፤ ከማየቴ በፊትም ዓመቱን ለአራት አካፍላለሁ።

አንቺ ገና ፓስፖርት ስላላወጣሽ ነገሩ ቀላል ነው። የተተረጎመውን ወረቀት ይዘሽ ወደሠሩልሽ ቤት ተመለሺና 14 ተብሎ እንደገና እንዲጻፍ አድርጊ፤ ዋናው ሰርተፊኬት ትክክል ስለሆነ እሱን ማስለወጥ አያስፈልግሽም። እምቢ ካሉሽ ከላይ የጻፍኩትን የሳምንት ቀን ስሌት አሳዪአቸው። ትርጉሙ ላይ የፈረንጁ ቀን ብቻ ሳይሆን «ጥር 5 ቀን 1992 ዓ.ም» የሚለውም አብሮ እንዲሰፍር ጠይቂ፤ በኋላ የሚመረምር ሰው ሁለቱን አስተያይቶ ራሱ መፈተን ይችላል። ፋይዳ መታወቂያ ካለሽም አውጥተሽ እይው፤ የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ ታገኛለሽ። የፈረንጁ በኩል 13 ከሆነ ከፓስፖርቱ በፊት እሱን አስተካክዪ።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ደግሞ አንድ ነገር፦ ፓስፖርታቸው አስቀድሞ በተሳሳተ ቀን የወጣ ሰዎች ስሌቱን አይተው የሚቀጥለውን ፎርም «በትክክለኛው» ቀን አይሙሉ። የፓስፖርት ቁጥር የሚጠይቅ ፎርም ቀኑንም ከፓስፖርቱ ጋር ያስተያያል፤ የአየር መንገድ ትኬት፣ የቪዛ ማመልከቻ፣ የባንክ ሒሳብ ሁሉ እንዲሁ። መጀመሪያ ፓስፖርቱ በሰጠው መሥሪያ ቤት ይታረም፣ የልደት ሰርተፊኬቱ ለእርማቱ ማስረጃ ይሁን፣ እስኪታረም ድረስ ግን ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን ነው የሚሞላው።

እናትሽን ስለ ጁምዓዋ አመስግኚልኝ። ትርጉሙን ለማሳረም ስትሄጂ ዋናውን ሰርተፊኬት ያዥ፤ ከፎቶ ኮፒ ላይ 5 እና 6 አይለዩም፣ በዚያ ላይ ሌላ ቀን እንዳይጨመርብሽ።